ከሥራ ወጥቻለሁ፤ የጥራት ቁጥጥር ሰው የሚፈልግ ካወቃችሁ ጠቁሙኝ

ሰላም ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ባልደረቦቼ፣ አብረን የተማርን ልጆች፦

ወሬው ከሌላ ሰው ከሚደርሳችሁ ከራሴ ስሙት ብዬ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ስድስት ዓመት የሠራሁበት የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ቀንሷል፤ ከተቀነሱት አንዷ እኔ ነኝ። የውጭ ትዕዛዝ ሳሳ፣ ላይኖች ተዘጉ፣ የኔም የሥራ መደብ አብሮ ታጠፈ። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ከወጣች ወዲህ የዘርፉን ሁኔታ የምታውቁ ብዙም አትገረሙም።

በሰላም ነው የተለያየነው። ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ደርሶናል፣ የስንብት ክፍያዬንና የሥራ ልምድ ማስረጃዬን ተቀብያለሁ። እግረ መንገዴን፣ እናንተም ሥራ ቦታችሁ ላይ ቅነሳ ከተወራ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብቡ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ በቅነሳ ለወጣ ደግሞ በዚያ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይታሰባል። ሳያሰሉ ፈርመው የሚወጡ ልጆች ስላየሁ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የጥራት ቁጥጥር ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። ሥራው ሸሚዝ አገላብጦ ማየት የሚመስለው ሰው አለ፤ አይደለም። 1,000 ልብስ ለመጫን ሲዘጋጅ እንደ ገዢው መመዘኛ 80 ይመረጣል። ኤኪውኤል በሚባለው የሚፈቀድ ጉድለት መለኪያ፣ በ2.5 ደረጃ፣ አምስት ጉድለት ድረስ ያልፋል፣ ስድስተኛው ሲገኝ ጭነቱ በሙሉ አይወጣም። እንግዲህ የኔ ድርሻ ስድስተኛው እዚያ እንዳይደርስ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ጀምሮ መከታተል ነው። ስፌቱ የዘለለበትን ማሽን ከመካኒኩ ጋር ቆሜ አስተካክላለሁ። መርፌ ሲሰበር ስባሪው በሙሉ እስኪገኝ ሥራው ይቆማል፤ ምርት ኃላፊው ቢቆጣም ይቆማል። የገዢ ኦዲተር ሲመጣ መዝገቡን ይዤ የምቀርበውም እኔ ነበርኩ። አዲስ የሚገቡ ተቆጣጣሪዎችን አሠለጥናለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የምወደው ይሄንን ነው።

የምፈልገው የጥራት ቁጥጥር ወይም የጥራት ማረጋገጫ ሥራ ነው፣ በሱፐርቫይዘር ደረጃ ወይም ከዚያ ከፍ ያለ። ልብስና ጨርቃ ጨርቅ ቤቴ ነው። ቆዳ፣ ማሸጊያ፣ ዱቄትና ምግብ ፋብሪካም አልጠላም፤ መመዘኛው ይለያያል እንጂ ናሙና ማውጣት፣ መመዝገብና የጉድለቱን ምክንያት ማሳደድ ያው ነው። የምኖረው ደሴ ነው። የሐረጎን ዳገት በሰርቪስ ስወጣና ስወርድ ስለኖርኩ ኮምቦልቻ ለኔ ሩቅ አይደለም፣ ጃኬት ማውለቅ ብቻ ነው። ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባም ቦታው ጥሩ ከሆነ እሄዳለሁ። ከዚያ ራቅ ያለውን ልጄ ትምህርት ላይ ስለሆነች ለጊዜው ትቼዋለሁ።

አይዞሽ ለምትሉኝ ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ከአይዞሽ ጋር ግን አንድ ስም ብትጨምሩልኝ ደስ ይለኛል። አዲስ ላይን ሊከፍት ነው ሲባል የሰማችሁት ፋብሪካ ካለ፣ ወይም የምታውቁት የምርት ወይም የሰው ኃይል ኃላፊ ካለ አገናኙኝ፤ ቀሪውን እኔ አነጋግራለሁ። ቦታ ባይኖራቸውም ችግር የለም፣ ማን እየቀጠረ እንደሆነ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እኛ አካባቢ ብዙ ማስታወቂያ ኢንተርኔት ላይ ሳይሆን በር ላይ ተለጥፎ ነው የሚቀረው። ስታልፉ ካያችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። መመዝገቢያ ክፈይ የሚል ደላላ ግን ይቅርብኝ።

ያገኘሁትን ሁሉ እሺ ለማለት አልቸኮልኩም። የሚሆነኝን እየመረጥኩ ነው፤ ስለዚህ የጠቆማችሁኝ ቦታ ካልተስማማኝ በግልጽ እነግራችኋለሁ፣ እንዳይከፋችሁ። ደመወዝን በተመለከተ ከቀጣሪው ጋር በግል እንነጋገራለን።

ሌላም ነገር አለ። ከኔ ጋር ከወጡት ውስጥ የስፌት ማሽን መካኒኮች፣ የላይን ሱፐርቫይዘሮችና አንዲት ጎበዝ ፓተርን ሠሪ አሉ። የመካኒክ ችግር ያለበት ፋብሪካ እንዳለ አውቃለሁ። እኔን ባትፈልጉም እነሱን ለመቅጠር ጻፉልኝ፤ ማን በየትኛው ማሽን ላይ እንደሚበረታ አይቼ የማውቀውን እነግራችኋለሁ።

ሲቪዬና የሥራ ልምድ ማስረጃዬ በፒዲኤፍ ተዘጋጅተዋል። በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ወዲያው እልካለሁ። ለቃለ መጠይቅም ሆነ ለተግባር ፈተና ከሰኞ ጀምሮ ደሴም ኮምቦልቻም በተባለው ሰዓት እገኛለሁ።