ስለ ቢኒ ምግብ፦ ከአሰልጣኙ ለቤተሰቡ

ጤና ይስጥልኝ ጋሽ መኮንን፣ ጤና ይስጥልኝ እትዬ ሰናይት። የቢኒ አሰልጣኝ ነኝ። እትዬ፣ እሑድ ደውለው ስለ ፕሮቲን ዱቄቱ ሲጠይቁኝ ታክሲ ውስጥ ስለነበርኩ በቅጡ አልመለስኩልዎትም። አሁን ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ትንሽ ይረዝማል፣ ይቅርታ።

ዱቄቱን አይግዙለት። ቢኒ ያሳያችሁ ባለ 9 ሺህ ብሩ ዕቃ ውስጥ ያለው መስፈሪያ አንዴ ሲሞላ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ቢሰጠው ነው። አራት እንቁላል ማለት ነው። በዚያ ላይ እነዚህ ነገሮች ውስጥ ላዩ ላይ ያልተጻፈ ነገር የተገኘባቸው ጊዜያት አሉ። የ15 ዓመት ልጅ ምን እንደሚጠጣ ሳናውቅ ለምን እንሞክርበታለን?

ግን የሱም ጥያቄ ከንቱ አይደለም። ቢኒ በዚህ ዓመት ቁመቱ ተመዟል፣ ሥጋው ግን አልተከተለውም። ባለፈው ቅዳሜ ጃንሜዳ ላይ ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ራሱ እጁን አንስቶ ወጣ። ዳር ላይ ሲቀመጥ ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ነበር። የታኬታውን ክር መፍታት አቃተው። «ቁርስ ምን በላህ?» አልኩት። «ሻይ።» «ከሻይ ጋርስ?» ዝም። ኪሴ ውስጥ የነበረውን ቆሎ ሰጠሁት፣ እፍኙን በሁለት ጉርሻ ጨረሰው።

ቆይቼ ስጠይቀው «ካርቦ ቆርጫለሁ» አለኝ። ቲክቶክ ላይ አይቶ ነው። እንጀራና ዳቦ ትቶ ጡንቻ ሊያወጣ! ነገሩ ግን ግልባጭ ነው። ሰውነት ለሩጫ የሚሆን ጉልበት ከእንጀራው፣ ከዳቦው፣ ከድንቹ ካላገኘ ለጡንቻ የታሰበውን ፕሮቲን ራሱን አቃጥሎ ይሮጥበታል። ስለዚህ እባካችሁ እንጀራው ይመለስ።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ። በሱ ዕድሜ ያለና በሳምንት ሦስት አራት ቀን የሚለማመድ ልጅ ለእያንዳንዱ ኪሎው በቀን ከ1.2 እስከ 1.8 ግራም ፕሮቲን ቢያገኝ ጥሩ ነው። ቢኒ ባለፈው ስመዝነው 54 ኪሎ ነው። መሐሉን፣ 1.5ን ብንይዝ 81 ግራም ይመጣል። በቀን 80 ግራም ገደማ እንበል።

ይህ ቁጥር ሲሰማ ሥጋ ቤት የሚያስኬድ ይመስላል። አይደለም። ጠዋት ሁለት እንቁላል 12 ግራም ነው። አንድ ዳቦ ወደ 8፣ አንድ ብርጭቆ የፈላ ወተት 8። ምሳ ላይ ወፈር ያለ ምስር ወጥ ሁለት ጭልፋ ወደ 15 ይሰጠዋል፣ እንጀራው ራሱ ወደ 10። ከልምምድ በፊት አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ 7። ማታ ሽሮ በእንጀራ ወደ 20። ደምሩት፣ 80 ነው። ሥጋ አላነሳሁም። እሑድ ዶሮ ወጥ ወይም ጥብስ ካለ እሰየው፣ 100 ግራም የበሰለ ሥጋ ብቻውን 25 ግራም ገደማ አለው። በየቀኑ ግን ግዴታ አይደለም፣ የዘንድሮን የሥጋ ዋጋ እኔም አውቀዋለሁ።

ሽሮው ላይ ግን አንድ ነገር ልበል፣ እትዬ እንዳይቀየሙኝ። የሽሮ ፕሮቲኑ ያለው ዱቄቱ ላይ ነው፣ ውሃው ላይ አይደለም። ማታ 20 ግራም ያልኩት ለሱ ድርሻ በሾርባ ማንኪያ ሞላ ሞላ ተደርጎ አራት የሚሆን ዱቄት ከገባ ነው። ቀጠን ብሎ እንጀራው ላይ የሚፈስ ሽሮ ይጣፍጣል፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ያን ያህል አይሰጠውም። ለቢኒ ድስቱ ከመውጣቱ በፊት ወፈር ያለውን ቀንሳችሁ አስቀሩለት። እንጀራና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ ደግሞ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። እናቶቻችን ሳይማሩት የሠሩበት ነገር ነው።

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ቢኒ እንደሚጾም ነግሮኛል፣ በዚህ ጉዳይ እኔ አልገባም። እንቁላሉና ወተቱ ሲቀር የሚጎድለው 20 ግራም ያህል ነው። በሱ ፈንታ ጠዋት አንድ ሳህን ፉል ያለ ቅቤ፣ ዳቦው ላይ ደግሞ ሁለት ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ ካገኘ ይካካሳል። ፉሉ ማታ ተዘፍዝፎ ቢያድር ጠዋት ቶሎ ይበስላል። የሽምብራ ወይም የባቄላ ንፍሮም ቦርሳው ውስጥ ይያዝለት፣ አይፈስም። የሚያሳስበኝ ምግቡ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምስ 10 ሰዓት ተኩል ልምምድ ቢመጣ አላሰልፈውም። ስለ ሰዓቱ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ብትመክሩበት ደስ ይለኛል። እኔም በእነዚያ ቀናት ጫናውን እቀንስለታለሁ።

ምሳ ዕቃውንም አይቻለሁ። ሐሙስ ዕለት ፓስታ በቲማቲም ብቻ ነበር። ፓስታው ጥሩ ነው፣ ይቀጥል፤ ግን ላዩ ላይ ትንሽ ምስር ወይም ክክ ይጨመርበት። በፍስክ ቀን የተቀቀለ እንቁላል ጣል ቢደረግበት አለቀ። ፕሮቲኑ ማታ አንዴ ከሚከመር በየምግቡ 20፣ 20 እየሆነ ቢከፋፈል ለሰውነቱ ይሻላል። ከልምምድ በኋላም ቤት እንደገባ ይብላ። ሻወር፣ ስልክ፣ ጓደኛ እያለ ሦስት ሰዓት አይሙላ።

ጥሬ እንቁላል ጠዋት ጠዋት ይጠጣ የሚል ዘመድ አይጠፋም። እኔ ልጅ እያለሁ ያሠለጠነን ሰው ሁለት ሁለት ጥሬ እንቁላል እያስጠጣ ያስሮጠን ነበር። ሦስተኛው ዙር ላይ ያስመለስኩትን እስከ ዛሬ ጓደኞቼ ያነሱብኛል። ሰውነት የበሰለውን እንቁላል ከጥሬው በጣም በተሻለ ይጠቀምበታል፣ ጥሬው በሽታም ያመጣል። ጥሬ ሥጋም እንዲሁ፣ ኮሶ ያለበት ልጅ አልፈልግም።

ሻዩ ከምግብ ጋር ባይሆን ጥሩ ነው። ምስሩና ጥራጥሬው ውስጥ ያለውን ብረት ይይዝበታል። አንድ ሰዓት ቆይቶ ይጠጣው። ምስሩ ላይ ትንሽ ሎሚ ቢጨመቅበት ደግሞ ብረቱን ያግዛል። ይህን ሁሉ አድርገን ወር ሙሉ ድካሙ ካልለቀቀው ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ደሙን አስመርምሩልኝ፣ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ያ በምግብ ብቻ የሚገመት ነገር አይደለም።

ቢኒን ስለ ካርቦው አትቆጡት። እኔ አነጋግሬዋለሁ፣ ትንሽ አፍሯል። የቀኝ ተከላካይ ሆኖ የሚሸፍነውን ርቀት ስነግረው ዓይኑ ፈጠጠ። አሁን ማታ ስንት እንጀራ እንደበላ በቴሌግራም ይጽፍልኛል። ትናንት «ሁለት ተኩል» ብሎኛል፣ እውነት መሆኑን እትዬ ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

ቅዳሜ ልምምዱ 1 ሰዓት ላይ ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቀስቅሱትና ከሻዩ ቀደም ብሎ እንቁላሉንና ዳቦውን ይብላ፤ ምግቡ ከሩጫ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ይረፍለት። እኔ ደግሞ ሚዛኑን ይዤ እመጣለሁ።