የልብና የክርን ሥዕል ጥያቄዎች ከነመልሳቸው (ለጅማ አንደኛ ዓመት የጥናት ቡድን)

ቅዳሜ ጠዋት የምንሠራው ይሄ ነው። 11 ጥያቄ፣ 20 ደቂቃ። ሥዕሎቹ ከግቢው በር ውጭ ፎቶ ኮፒ ስለሚደረጉ ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ «ቀዩ አርተሪ፣ ሰማያዊው ቬይን» ብሎ ማምለጥ የለም። ቁጥር የተጠቀምነውም ሆን ብለን ነው። ሀ እና ሐ ጮክ ተብለው ሲነበቡ አይለዩም።

ሦስት ሕግ ብቻ አለ። የሚጠየቀው በመስመሩ ጫፍ ያለችው ጥቁር ነጥብ ያረፈችበት አካል ነው፣ መስመሩ በመንገዱ ያቋረጠው ነገር አይቆጠርም። ግራና ቀኝ ሁልጊዜ የሰውየው ነው እንጂ የእናንተ አይደለም። መልሱ ላይ ግራ ወይም ቀኝ ካስፈለገና ካልጻፋችሁ ግማሽ ነጥብ ትወስዳላችሁ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፉ፣ ሲነበብ እስከገባን ድረስ በፊደል አንጣላም።

ሥዕል 1፦ ልብ፣ ከፊት የሚታይ፣ የፊተኛው ግማሽ ተቆርጦ የተነሳ

1. ነጥቧ ሁለቱ ቬና ካቫዎች በሚገቡበት ክፍል ባዶ ቦታ ላይ ናት። የክፍሉ ስም?
2. ነጥቧ ክፍል 1ን ከጎኑ ካለው ክፍል በሚለየው ግድግዳ ላይ፣ ሞላላ ጉድጓዷ ውስጥ ናት። የጉድጓዷ ስም?
3. ነጥቧ በግራ በኩል፣ በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ባለው ክዳን ቅጠል ላይ ናት። የቫልቩ ስም?
4. ነጥቧ የዚያን ቫልቭ ቅጠል ወደ ታች ከያዙት ቀጫጭን ክሮች በአንዱ መሃል ላይ ናት። ስሙ?
5. ነጥቧ ክሮቹ ከሚነሱበት የሥጋ ጉብታ መሃል ናት። ስሙ?
6. ነጥቧ በግራ ቬንትሪክል የውጭ ግድግዳ ውፍረት መሃል ናት፤ ባዶው ቦታ ላይም፣ ውጭው ጠርዝ ላይም አይደለችም። የግድግዳው የትኛው ንብርብር ነው? የየትኛው ክፍል?
7. ነጥቧ በሁለቱ ቬንትሪክሎች መካከል ባለው ግድግዳ ታችኛው፣ ወፍራሙ ክፍል ላይ ናት። ሙሉ ስሙ?

ሥዕል 2፦ የቀኝ ክንድ የክርን ፊት፣ መዳፍ ወደ ፊት፣ ቆዳው፣ የላይኛዎቹ ቬይኖችና የባይሰፕስ አፖኒዩሮሲስ የተነሱ። አውራ ጣት በእናንተ ግራ ነው።

8. ነጥቧ ከላይኛው ክንድ ጡንቻ ወርዶ ወደ ጥልቅ በሚገባው ወፍራም ገመድ ላይ ናት።
9. ነጥቧ ከ8 ቀጥሎ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ባለው ቱቦ ላይ፣ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ናት።
10. ነጥቧ ከ9 ቀጥሎ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ባለው ክር ላይ ናት።
11. ነጥቧ የክርኑን ጎድጓዳ በአውራ ጣት በኩል በሚያዋስነው ጡንቻ ላይ ናት።

የመልስ ቁልፍ

1. ራይት ኤትሪየም። «ኤትሪየም» ብቻ ግማሽ። ራይት ኦሪክል ዜሮ፣ እሱ ከፊት የተንጠለጠለችው ጆሮ መሳይ ከረጢት ነው፣ ነጥቧ ደግሞ ሁለቱ ቬና ካቫዎች የሚገቡበት ዋናው ክፍል ላይ ናት።

2. ፎሳ ኦቫሊስ። ፎራሜን ኦቫሌ አንቀበልም፤ እሱ ፅንስ እያለ ክፍት የነበረው ቀዳዳ ነው፣ ሥዕሉ ላይ ያለው የተዘጋ ጉድጓድ ነው።

3. ማይትራል ቫልቭ፣ ባይከስፒድ፣ ወይም ሌፍት ኤትሪዮቬንትሪኩላር ቫልቭ። ሦስቱም ሙሉ። ትራይከስፒድ ዜሮ ነው፣ እሱ በቀኝ ነው። ይሄን የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ የወረቀቱን ግራ የልቡ ግራ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ነው።

4. ኮርዳ ተንዲኒያ። ብዙ ቁጥሩ፣ ኮርዲ ተንዲኒ፣ እኩል ይቆጠራል።

5. ፓፒላሪ መስል።

6. ማዮካርዲየም፣ የግራ ቬንትሪክል። ሁለቱም ካልተጻፉ ግማሽ። ኤንዶካርዲየም የውስጡ ስስ ሽፋን፣ ኤፒካርዲየም የውጩ ነው፤ ነጥቧ መሃል ስለሆነች ክርክር የለውም።

7. የኢንተርቬንትሪኩላር ሴፕተም ጡንቻማ ክፍል። «ሴፕተም» ብቻ ዜሮ፣ በኤትሪየሞች መካከልም ሴፕተም አለና። «ኢንተርቬንትሪኩላር ሴፕተም» ብቻ ግማሽ፣ ምክንያቱም ላይኛው ጫፍ ላይ ስስ የሆነ ሌላ ክፍል አለው።

8. የባይሰፕስ ብራኪያይ ጅማት። «ባይሰፕስ» ብቻ ግማሽ፣ ነጥቧ ሥጋው ላይ አይደለችምና።

9. ብራኪያል አርተሪ። ራዲያል ወይም አልናር ያለ ዜሮ፣ እነሱ ከተከፈለ በኋላ የሚመጡ ናቸው። የደም ግፊት ስትለኩ ስቴቶስኮፑን የምታሳርፉበት ይሄው ነው፣ ከጅማቱ ወደ ውስጥ በኩል።

10. ሚዲያን ነርቭ። አልናር ነርቭ የሚል በየዓመቱ አይጠፋም። አልናር በዚህ ጎድጓዳ ውስጥ አያልፍም፣ ከውስጠኛው የክርን ጉብታ ጀርባ ነው የሚዞረው፣ ክርናችሁ ሲጋጭ የሚነዝራችሁ እሱ ነው።

11. ብራኪዮራዲያሊስ። ፕሮኔተር ቴሬስ በተቃራኒው በኩል ስለሆነ ዜሮ።