የማይተዋወቁ ሰዎች በምን ይተሳሰራሉ?

ሰው እያደር የራሱ ጌታ እየሆነ መጥቷል። ሥራውን ራሱ ይመርጣል፣ የትዳር ጓደኛውን ራሱ ይመርጣል፣ የሚኖርበትንም ከተማ እንዲሁ። በዚያው ልክ ደግሞ ያለ ሌሎች ሰዎች አንድ ቀን ውሎ ማደር አቅቶታል። ዳቦውን አይጋግር፣ ውሃውን አይቀዳ፣ ልብሱን አይፈትል። እነዚህ ሁለት ነገሮች እንዴት ጎን ለጎን ያድጋሉ? ፈረንሳዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ኤሚል ዱርካይም የዶክትሬት ሥራውን የጀመረው በዚህ ጥያቄ ነው። ቦርዶ ውስጥ እያስተማረ ጽፎት በ1893 ታተመ። ርዕሱ ስለ ማኅበራዊ የሥራ ክፍፍል ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆኑ ዓ.ም. እላለሁ።)

ጥያቄው እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። ዱርካይም የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ፈረንሳይ በፕሩሺያ ተሸነፈች። በዓመቱ የፓሪስ ኮሚዩን የተባለው የከተማዋ ሕዝብ አመጽ ተነሳና በደም ተደመሰሰ። ከዚያ በኋላም ገጠሩ ወደ ፋብሪካ ከተሞች ይጎርፋል፣ ቤተ ክርስቲያንና ሪፐብሊኩ በትምህርት ቤት ጉዳይ ይናቆራሉ፣ ሠራተኛው ያድማል። ብዙ ምሁር «የድሮው መተሳሰብ ቀረ፣ አገር ሊፈርስ ነው» እያለ ያለቅስ ነበር። ዱርካይም ከአልቃሾቹ ጋር አልቆመም። ማሰሪያው አልተበጠሰም፣ ዓይነቱ ነው የተለወጠው አለ።

የመጀመሪያውን ዓይነት ሜካኒካዊ ትስስር ብሎ ጠራው። ሰዎች የሚያያዙት ስለሚመሳሰሉ ነው። አንድ የገበሬ መንደር እናስብ። ሁሉም ያርሳል፣ ሁሉም በአንድ ወቅት ያጭዳል፣ በአንድ ቀን ይጾማል፣ አንድ ነገር ይፈራል። ደቦ ሲጠራ የዛሬው ተረጂ የነገው ረጂ ነው፤ ሥራው ያው ሥራ ነውና። አንዱ ቤት ቢነሳ ሐዘኑ ከባድ ነው፣ ግን በመንደሩ የሚጎድል የሙያ ዓይነት የለም። ሜካኒካዊ ማለቱ ማሽን አስቦ አይደለም። በአንድ ድንጋይ ውስጥ ያሉ ቅንጣቶች አንድ ዓይነት ሆነው እንደሚያያዙት ለማለት ነው። የራሳቸው እንቅስቃሴ የላቸውም፤ ድንጋዩ ሲሄድ አብረው ይሄዳሉ።

በእንዲህ ያለ ኅብረተሰብ የሁሉም የሆነ የእምነትና የስሜት ክምችት አለ። ዱርካይም የጋራ ኅሊና ይለዋል። ወንጀልን የተረጎመውም በዚህ ነው። አንድን ድርጊት የምናወግዘው ወንጀል ስለሆነ አይደለም፤ ስለምናወግዘው ነው ወንጀል የሚሆነው። ቅጣት ደግሞ በዋናነት ለጥፋተኛው የሚሰጥ ትምህርት አይደለም። ጥፋት ያልሠራው ሰው «የያዝኩት እምነት አሁንም ጸንቷል» እንዲል ነው። እኔ በግሌ ከመጽሐፉ ሁሉ ይህን ክፍል እወደዋለሁ። ሌባ ሲያዝ አይቶ የማያውቀው ሰው ሁሉ ሮጦ ለምን እንደሚከብበው ያስረዳል።

ታዲያ ትስስር በዓይን አይታይም። እንዴት ይለካል? ዱርካይም ሕጉን እዩ አለ። መመሳሰል የገነባው ኅብረተሰብ ሕጉ ቀጪ ነው፤ ያስራል፣ ይገርፋል፣ ይገድላል። በልዩነት ላይ የቆመው ግን ሕጉ የተበላሸውን ወደ ቦታው ለመመለስ ይሞክራል። ውል ያፈረሰ ሰው አይገረፍም፤ ውሉን ይፈጽማል ወይ ይክሳል። ማንም በአደባባይ አይቆጣበትም።

ይህን መለኪያ በራሳችን መደርደሪያ ላይ መሞከር ይቻላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን 865 አንቀጾች አሉት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ 3,367 ነው። በዚያ ላይ የንግድ ሕግ፣ የአሠሪና ሠራተኛ፣ የመድን፣ የግብር ሕግ ይጨመርበት። የአንቀጽ ብዛት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ግን ክብደቱ ወዴት እንዳጋደለ ያሳያል። አንቀጽ 2028ን ብቻ እንይ፤ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካስ ነው የሚለው። ውርደትም ሐጢአትም የሚል ነገር የለበትም።

ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ምን ወሰደን? ሥራ ሲከፋፈል ምርት ይበዛል፣ አዳም ስሚዝ በ1776 በመርፌ ፋብሪካው ምሳሌ ያሳየው ይህንን ነው። ዱርካይም ግን ምክንያቱ ትርፍ ወይም ደስታ አይደለም ይላል። ሰው በዛ፣ ተቀራረበ፣ መንገድና ባቡር አገናኘው። ሁሉም አንድ ሥራ ይዞ በአንድ ቦታ ከተፋፈገ ይበላላል። ሥራ ሲለይ ግን ጎን ለጎን መኖር ይቻላል። የዳርዊን ተጽዕኖ እዚህ ላይ ግልጽ ነው። የጥርስ ሐኪም ከዓይን ሐኪም ጋር አይጣላም።

ሁለተኛው ዓይነት ኦርጋኒካዊ ትስስር የሚባለው እዚህ ላይ ይመጣል። የአካል ክፍሎች የሚተሳሰሩት ስለሚመሳሰሉ ሳይሆን ስለሚለያዩ ነው፤ ልብ የሳንባን ሥራ አይሠራም። ሰዎችም እንዲሁ።

የአዲስ አበባን ሚኒባስ ታክሲ ጠጋ ብለን እንየው። ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ሴት የመቶ ብር ኖት ታወጣለች። «የሁለት ሰው» ብላ ከፊቷ ላለው ትሰጠዋለች። እሱ ለሌላው፣ ሌላው ለረዳቱ። ገንዘቧ በማታውቃቸው ሦስት ሰዎች እጅ አለፈ፤ መልሱም በዚያው መንገድ ተቆጥሮ ይመጣል። ከሦስቱ አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ጴንጤ፣ አንዷ ደግሞ ሃይማኖት የሚባል ነገር ያስጠላት ልትሆን ትችላለች። ማንም አይጠይቅም። ከዚያ ጀርባ ተራ አስከባሪ አለ፣ ፍሬኑን ያስተካከለ መካኒክ አለ፣ ከጅቡቲ ነዳጅ ያመጣ ቦቴ ሹፌር አለ። ታሪፍ አለ። የሦስተኛ ወገን መድን አለ፤ እሱም ያው የካሳ ሕግ ነው፣ መስታወት ላይ ተለጥፎ የሚዞር።

«ታዲያ ይሄ ጥቅም እንጂ ምን ትስስር ነው?» ይላል አንዱ። እንግሊዛዊው ኸርበርት ስፔንሰር እንዲያ ይል ነበር፤ ዘመናዊ ኅብረተሰብ ሰዎች በየግል ጥቅማቸው የሚዋዋሉት የውል ክምር ነው። የዱርካይም መልስ መጽሐፉን ያቆመው ምሰሶ ነው። ጥቅም ዛሬ ያገናኘናል፣ ነገ ያጣላናል። ውል ራሱ የሚጸናው ውል ባልሆነ ነገር ላይ ነው። ረዳቱና ሴትየዋ የተፈራረሙት ወረቀት የለም። ሆኖም መልስ መመለስ እንዳለበት፣ ተሳፋሪ መሃል መንገድ ላይ እንደማይጣል፣ ብር ያቀበለ ሰው ኪሱ እንደማይከት ሁሉም ከመሳፈሩ በፊት ያውቃል። ረዳቱ መልስ ቢያስቀር የማይመለከተው ሰው ሁሉ «ስጣት እንጂ!» ይላል። ያ ቁጣ ከጥቅም አይመጣም።

ብዙ ማስታወሻ ላይ «በኦርጋኒካዊ ትስስር ሰዎች ስለሚፈላለጉ ይተሳሰራሉ» ተብሎ ተጽፎ ያልቃል። እኔ ይህ አባባል ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ይመስለኛል። መፈላለግ ብቻውን አያስተሳስርም። ማስረጃው ከእኛው ታሪክ ሩቅ አይደለም። ገበሬው ያለ አንጥረኛው ማረሻ አያርስም። ያለ ሸክላ ሠሪዋ ምጣድ እንጀራ የለም፣ ያለ ፋቂው ቆዳ አቁማዳ የለም። ግን ማረሻውን ገዝቶ አንጥረኛውን «ቡዳ» ይለዋል። ልጁን አይድርለትም፣ በማዕዱ አያስቀምጠውም። ሥራ ተከፋፍሏል፣ መፈላለጉም እስከ ጥግ ነበር፤ ትስስሩ ግን የለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። አዋጅ እስኪያስፈልግ የደረሰ ነገር ነበር ማለት ነው።

ዱርካይም ይህን ዓይነቱን የግዳጅ የሥራ ክፍፍል ይለዋል። ሰው በችሎታው ሳይሆን በትውልዱ ሥራ ሲታደል፣ ወይም በሀብት ልዩነት የተነሳ አንዱ ወገን ያቀረቡለትን ውል ከመቀበል ሌላ አማራጭ ሲያጣ፣ ክፍፍሉ ያለያያል እንጂ አያስተሳስርም። በውርስ የሚመጣ ብልጫ ፍትሐዊ ውልን ያበላሻል እስከማለትም ደርሷል። ወግ አጥባቂ ነው የሚሉት ሰዎች ይህን ክፍል የሚዘሉት ይመስለኛል።

ሌላው በሽታ አኖሚ ነው፤ ሥራው ሮጦ ደንቡ ወደኋላ ሲቀር። ፋብሪካው መጣ፣ ገበያው ሰፋ፣ ሠራተኛና ባለ ሀብት ግን እንዴት አብረው እንደሚኖሩ የሚወስን ደንብ ገና አልበቀለም። ለዚህ ያሰበው መድኃኒት በ1902 ለሁለተኛው እትም በጻፈው ረጅም መቅድም ላይ ነው። ፈረንሳይ በ1791 በሌ ሻፕሊዬ ሕግ የሙያ ማኅበራትን አፍርሳ ነበር። ከዚያ ወዲያ በግለሰብና በመንግሥት መካከል ባዶ ሜዳ ቀረ። ዱርካይም በዚያ ሜዳ ላይ የሙያ ማኅበራት እንደ አዲስ እንዲቆሙ ፈለገ። መንግሥት ከሩቅ ሆኖ የእያንዳንዱን ሥራ ውስጥ ማወቅ አይችልም፤ ሥራውን የሚያውቁት የሚሠሩት ናቸው።

ትችትም አለበት፣ እሱም ትክክል ነው። ድሮ ሕግ ሁሉ ቀጪ ነበር የሚለው አይጸናም። የሰው ባህል አጥኚው ማሊኖቭስኪ በ1926 በፓስፊክ ባሉት የትሮብሪያንድ ደሴቶች መሰጣጣትና ግዴታ ላይ የቆመ ሕግ እንዳለ ጽፏል። እኛም እዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። የኦሮሞ ጉማ አለ፣ በሽማግሌ የሚቆረጥ የደም ካሳ አለ፤ ነፍስ ጠፍቶ እንኳ ሥርዓቱ የሚጥረው ወደ ካሳና እርቅ ነው። በሌላ በኩል እድር አለ። ከከተማ ጋር የበቀለ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ ወርሃዊ መዋጮና የቅጣት ብር ያለው ማኅበር ነው። አባላቱ ግን ሾፌር፣ ነርስና ነጋዴ ሆነው ሳለ ሞት ሲመጣ ሁሉም አንድ ድንኳን ውስጥ እኩል ይቀመጣሉ። ሁለቱ ትስስሮች አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚገባባቸው ክፍሎች አይደሉም። ዱርካይም ራሱም ኋላ ወደዚህ ቀረብ ብሏል። በ1898፣ በሐሰት በክህደት በተፈረደበት አይሁዳዊ መኮንን በድሬፉስ ጉዳይ ፈረንሳይ ስትከራከር፣ በዘመናዊ ኅብረተሰብ ሁሉም የሚጋራው አንድ እምነት ተርፏል፣ እሱም የሰው ልጅ ክብር ነው ብሎ ጻፈ።

የሙያ ማኅበሩ ነገር ግን አሁንም ያልተዘጋ ፋይል ነው። ተራ ላይ የሚሠራ የታክሲ ሹፌር ማኅበር አለው፣ ፌርማታ ላይ ተገናኝቶ ስለ ቀጠና ይከራከራል፣ ተራ የሰረቀውን ይቀጣል። በስልክ መተግበሪያ የሚሠራው ሹፌር ጓዶቹን በካርታ ላይ ካልሆነ አያያቸውም። ኮሚሽኑ ሲጨመር የሚሰማው በመልእክት ነው፣ መልእክቱን የላከው ሰው ማን እንደሆነም አያውቅም። ሥራው አለ፣ ደንበኛው አለ፣ መፈላለጉም አለ። ደንቡን ከማን ጋር ተቀምጦ ያውጣ?