ነርሶችና አዋላጅ ነርሶች ለእናቶች የሚሰጡት ድጋፍ የካንጋሮ እንክብካቤን የቆይታ ሰዓት ይጨምራልን? ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ጥናቶች ላይ የሚካሄድ የሥልታዊ ክለሳ ፕሮቶኮል

1. መነሻ

ያለ ቀኑ የተወለደ ወይም ሲወለድ ክብደቱ ከ2.5 ኪሎ ግራም በታች የሆነ ሕፃን የሰውነቱን ሙቀት በራሱ መጠበቅ ስለሚያቅተውና ጡት ለመጥባትም አቅም ስለሚያንሰው፣ በሕይወት መቆየቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሚያገኘው እንክብካቤ ላይ በእጅጉ ይመሠረታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት ውስጥ 29ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ የተጀመረው የካንጋሮ እንክብካቤ፣ ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ በማስተኛትና የእናት ጡት ወተት ብቻ በመመገብ ይህን ሞት ለመቀነስ የሚያስችል፣ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ ዘዴ ነው።

ዘዴው መጥቀሙ ከእንግዲህ አከራካሪ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የኮክሬን ክለሳ 21 ጥናቶችንና 3,042 ሕፃናትን መርምሮ የሞት መጠን መቀነሱን አረጋግጧል። በጋና፣ በህንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተካሄደው፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት ደግሞ ሕፃኑ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ለተጀመረላቸው ሕፃናት የ28 ቀን ሞት 12.0 በመቶ፣ በተለመደው አሠራር ለቆዩት 15.7 በመቶ እንደነበረ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር እንክብካቤው በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት፣ በተቻለ መጠን ረዘም ላለ ጊዜ እንዲሰጥ አሳስቧል።

ያልተመለሰው ጥያቄ ይህ ሰዓት እንዴት ይሞላ የሚለው ነው። በወሊድ የደከመች፣ ምናልባትም በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ሕፃኗን ለረጅም ሰዓት በደረቷ እንድትይዝ የሚያስፈልጋት ድጋፍ በአብዛኛው የሚመጣው በክፍሉ ካለችው ነርስ ነው። የትኛው የነርስ ድጋፍ፣ በምን ያህል መጠን ቢሰጥ ሰዓቱን እንደሚጨምር የሚያሳየው ማስረጃ ግን ተበታትኖ ይገኛል። ይህ ክለሳ እሱን አሰባስቦ ለመመዘን ታቅዷል።

2. የክለሳው ጥያቄ

ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች በጤና ተቋም ተኝተው የሚታከሙ፣ ከ37 ሳምንት በፊት የተወለዱ ወይም ክብደታቸው ከ2.5 ኪሎ ግራም በታች የሆነ ሕፃናት እናቶች በነርስ ወይም በአዋላጅ ነርስ የሚመራ የተደራጀ ድጋፍ ሲያገኙ፣ የተለመደውን አገልግሎት ብቻ ከሚያገኙት ጋር ሲነጻጸሩ በቀን ውስጥ ገላ ለገላ የሚቆዩበት ሰዓት ይጨምራልን?

3. የማካተቻና የማግለያ መስፈርት

የሚካተቱት ከላይ በተጠቀሱት ሕፃናትና እናቶች ላይ በሆስፒታል ወይም በጤና ጣቢያ የተካሄዱ ጥናቶች ናቸው። እናት በሞት የተለየቻቸው ወይም በጠና የታመመችባቸው ሕፃናት በአባት ወይም በአያት የሚያዙ ስለሆነ፣ እንክብካቤውን በእናት ፈንታ የሚሰጥ የቤተሰብ አባል ያለባቸው ጥናቶች አይገለሉም። እንክብካቤው ከተቋም ከወጡ በኋላ በቤት ብቻ የተጀመረባቸው ጥናቶች ግን የነርሷ ሚና በእጅጉ ስለሚለይ አይካተቱም።

«የተደራጀ ድጋፍ» የሚባለው ይዘቱ አስቀድሞ የተወሰነና ቢያንስ ሁለት ጊዜ የተሰጠ ሲሆን ነው። ለአብነት፣ ነርሷ ከአልጋው አጠገብ ሆና ሕፃኑን ኮፍያ፣ ካልሲና ዳይፐር ብቻ አልብሳ በእናቲቱ ጡቶች መካከል ቀጥ አድርጋ ስታስተኛው፣ ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዙራ የአየር መተላለፊያው እንዳይታጠፍ አንገቱን በጥቂቱ ስታቃና፣ በነጠላ ወይም በተዘጋጀ ማቀፊያ አጥብቃ ስታስር፣ ከዚያም እናቲቱ ራሷ እንድትደግመው አድርጋ በቀጣይ ፈረቃዎች እየተመለሰች ስትከታተል ይህ የተደራጀ ድጋፍ ነው። በአንድ ጊዜ ለብዙ እናቶች የተሰጠ የአንድ ቀን ገለጻ፣ ወይም በራሪ ወረቀት ማደል ብቻውን መስፈርቱን አያሟላም። ድጋፉን ሐኪም ወይም የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ የመራው ከሆነም ጥናቱ ይገለላል፤ በቡድን የተሰጠ ከሆነ ነርሶች ወይም አዋላጅ ነርሶች ዋናዎቹ አቅራቢዎች መሆናቸው በጽሑፉ መገለጽ አለበት።

ማነጻጸሪያው ላይ ግልጽ ለመሆን ያህል፣ ሁለቱም ቡድኖች የካንጋሮ እንክብካቤ የሚያገኙ መሆን ይኖርባቸዋል። እንክብካቤውን ከኢንኩቤተር ወይም ከማሞቂያ ጋር የሚያነጻጽሩ ጥናቶች ጠቃሚ ቢሆኑም የሚመልሱት ሌላ ጥያቄ ነው።

ቀዳሚው ውጤት በቀን ውስጥ ያለው አማካይ የገላ ለገላ ቆይታ በሰዓት ነው። ተከታይ ውጤቶቹ በቀን 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ የደረሱ እናቶች መጠን፣ የሕፃኑ ሙቀት ከ36.5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መውረዱ፣ ከተቋም ሲወጣ የእናት ጡት ወተት ብቻ መመገቡ፣ እንዲሁም በ28 ቀን ውስጥ መሞቱ ናቸው። የእናቶችን ድካም የለኩ ጥናቶች ካሉ መረጃው ይወሰዳል፤ ሰዓትን የሚጨምር ድጋፍ በእናት ላይ የሚያስከትለው ጫና ሳይታይ ሊመከር አይገባም።

በዕጣ የተመደቡ ጥናቶች፣ በዕጣ ያልተመደቡ ግን ማነጻጸሪያ ቡድን ያላቸው ጥናቶች፣ እንዲሁም በፊትና በኋላ የለኩ ጥናቶች ይካተታሉ። በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በፖርቱጋልኛና በአማርኛ የተጻፉት ሁሉ ይታያሉ፤ የኅትመት ዘመን ገደብ አልተደረገም።

4. የፍለጋ ስልት

ፍለጋው በፐብሜድ፣ በሲናል፣ በኤምቤዝ፣ በኮክሬን ሴንትራል፣ በአፍሪካን ኢንዴክስ ሜዲከስና በአፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ይካሄዳል። በመዝገብ ላይ ያሉ ጥናቶችን ለማግኘት የፓን አፍሪካ የክሊኒካዊ ሙከራዎች መዝገብ፣ ያልታተሙ የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎችን ለማግኘት ደግሞ የዩኒቨርሲቲዎች ዲጂታል ማኅደሮች ይፈተሻሉ። የተካተቱት ጥናቶች ዋቢ ዝርዝርም በእጅ ይታያል። ለፐብሜድ የተዘጋጀው ሙሉ ፍለጋ የሚከተለው ነው፦

```
#1 "Kangaroo-Mother Care Method"[Mesh] OR kangaroo[tiab]
   OR KMC[tiab] OR "skin-to-skin"[tiab]
#2 "Infant, Premature"[Mesh]
   OR "Infant, Low Birth Weight"[Mesh]
   OR preterm[tiab] OR premature*[tiab]
   OR "low birth weight"[tiab] OR "low birthweight"[tiab]
#3 #1 AND #2
```

በዚህ ፍለጋ ውስጥ ሦስት ነገሮች ሆን ተብለው ቀርተዋል። የውጤት ቃላት የቀሩት የቆይታ ሰዓትን በሠንጠረዥ ብቻ ገልጸው በአጽሕሮተ ጽሑፋቸው ያላነሱ ጥናቶች እንዳያመልጡ ነው። የ«ነርስ» ቃል የቀረው ብዙ ጽሑፎች ድጋፉን የሰጠውን ሰው በአጽሕሮቱ «የጤና ባለሙያ» ብለው ስለሚያልፉት ነው። የአገሮች ስም የቀረው ደግሞ አንዳንድ አጽሕሮቶች የሆስፒታሉን ወይም የከተማውን ስም ብቻ ስለሚጠቅሱ ነው። በዚህ ምክንያት የሚነበበው አጽሕሮት ቁጥር ይጨምራል፤ ቡድኑ ይህን ሥራ አንድ ተገቢ ጥናት ከማጣት ይልቅ መርጦታል።

ለአፍሪካን ኢንዴክስ ሜዲከስ የረቀቀ ፍለጋ ስለማያስፈልግ፣ የፈረንሳይኛና የፖርቱጋልኛ ቃላትን የያዘ አጭር ፍለጋ ተዘጋጅቷል፦

```
kangaroo OR kangourou OR canguru
OR "skin-to-skin" OR "peau à peau" OR "pele a pele"
```

ፍለጋው ከመካሄዱ በፊት የቡድኑ አባል ያልሆነ የጤና ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በፕሬስ 2015 መመሪያ ይገመግመዋል። የመጀመሪያው ፍለጋ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ይካሄዳል፤ ከመጨረሻው ትንተና በፊት ደግሞ ይደገማል።

5. ማጣራትና መረጃ ማውጣት

የተገኙት ጽሑፎች በዞቴሮ ተሰብስበው ድግግሞሻቸው ከተወገደ በኋላ በራያን ይጣራሉ። ሁለት የአራስ ሕፃናት ነርሶች አንዳቸው የሌላቸውን ውሳኔ ሳያዩ ርዕስና አጽሕሮትን፣ ቀጥሎም ሙሉውን ጽሑፍ ይመረምራሉ። በቅድሚያ በ50 አጽሕሮቶች ላይ ይለማመዳሉ፤ ስምምነታቸው ከ80 በመቶ በታች ከሆነ መስፈርቱ ተብራርቶ ልምምዱ ይደገማል። ያልተስማሙበትን ጉዳይ ሦስተኛዋ ገምጋሚ፣ አዋላጅ ነርስ የሆነችው የቡድኑ አባል፣ ትወስናለች። በሙሉ ጽሑፍ ደረጃ የተገለለ እያንዳንዱ ጥናት ከነምክንያቱ ይመዘገባል።

መረጃ ማውጫው ቅጽ ስለ ድጋፉ በዝርዝር ይጠይቃል፦ ማን ሰጠው፣ ስንት ጊዜ፣ ለስንት ደቂቃ፣ በቀን ብቻ ወይስ በሌሊት ፈረቃም፣ አንዲት ነርስ ስንት ሕፃናት ትከታተል ነበር፣ እናቲቱ የምትተኛበት አልጋና የምትመገበው ምግብ በተቋሙ ይቀርብ ነበር ወይ። መረጃው ጎድሎ ከተገኘ ለጥናቱ ጸሐፊዎች በኢሜይል ሁለት ጊዜ ይጻፋል።

6. የጥራት መመዘኛ

በጄቢአይ የተዘጋጁት መመዘኛዎች የተመረጡት ለእያንዳንዱ የጥናት ዓይነት የየራሱ ቅጽ ስላላቸውና የነርሲንግ ገምጋሚዎች ስለሚያውቋቸው ነው። በዕጣ ለተመደቡት 13 ጥያቄዎች ያሉት፣ በዕጣ ላልተመደቡትና በፊትና በኋላ ለለኩት 9 ጥያቄዎች ያሉት ቅጽ ያገለግላል። እያንዳንዱ ጥያቄ «አዎ»፣ «አይደለም»፣ «ግልጽ አይደለም» ወይም «አይመለከተውም» ተብሎ በሁለት ገምጋሚዎች ለየብቻ ይመለሳል፤ ከመልሱ ጎን የውሳኔው መነሻ የሆነው ዓረፍተ ነገር ከነገጹ ይጻፋል።

መልሶቹ ተደምረው በመቶኛ አይሰሉም። የዕጣ አመዳደቡ ያልተሰወረ አንድ ጥናት በሌሎቹ ጥያቄዎች «አዎ» ቢያገኝ ድምሩ ከፍ ይላል፤ ጉድለቱ ግን በድምሩ አይካካስም። ስለዚህ ለዚህ ክለሳ ወሳኝ የሆኑ ሦስት ነጥቦች ተለይተዋል፦ የዕጣ አመዳደቡ መሰወር፣ ከጥናቱ የወጡ እናቶች ብዛትና ምክንያት፣ የሰዓት አለካኩ ታማኝነት። በአንዱ «አይደለም» የተባለ ጥናት ከፍተኛ የመዛባት ስጋት ያለበት ተብሎ ይመደባል። በዕጣ ባልተመደቡት ላይ የመጀመሪያው ነጥብ በቡድኖቹ መነሻ ተመሳሳይነት ይተካል።

የሰዓት አለካኩ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እናቲቱ ሕፃኑን ባስገባችና ባወጣች ቁጥር የተመዘገበ ሰዓት፣ ወይም ነርስ በተወሰነ ጊዜ ልዩነት እየተመላለሰች ያየችው፣ «አዎ» ይባላል። እናቲቱ ከተቋም ስትወጣ በትውስታ የገመተችው ብቻ ከሆነ «አይደለም» ይባላል፤ በተለይ የጠየቀቻት ነርስ ድጋፉን የሰጠችው ራሷ ከሆነች እናቲቱ ላለማሳዘን ሰዓቱን ከፍ አድርጋ ልትናገር ትችላለችና። እናቶችና ነርሶች የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳሉ ማወቃቸው በዚህ ዓይነት ድጋፍ የማይቀር በመሆኑ ጥያቄው ይመለሳል፣ ለብቻው ግን ጥናትን ዝቅ አያደርግም።

7. ትንተና

ቢያንስ ሦስት ተመሳሳይ ጥናቶች ሲገኙ የአማካይ የሰዓት ልዩነት በራንደም ኢፌክትስ ሞዴል በሜታ አናሊስስ ይሰላል፤ 95 በመቶ የመተማመኛ ክልልና የትንበያ ክልል ይቀርባሉ። በዕጣ የተመደቡና ያልተመደቡ ጥናቶች በአንድ ላይ አይደመሩም። ምደባው በሆስፒታል ደረጃ የተደረገ ሆኖ ትንተናው ይህን ካላገናዘበ የናሙናው መጠን ይስተካከላል። በጥናቶች መካከል ያለው ልዩነት በ I² እና በ τ² ይገለጻል፤ ድጋፉ በሌሊት ፈረቃ መኖር አለመኖሩና ጥናቱ ከ2022ቱ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በፊት ወይም በኋላ መካሄዱ በንዑስ ቡድን ይታያሉ። ከፍተኛ የመዛባት ስጋት ያለባቸውን በማውጣት ውጤቱ ዳግም ይሰላል። መደመር ካልተቻለ የስዊም መመሪያን የተከተለ የትረካ ትንተና ይቀርባል። የማስረጃው አስተማማኝነት ለእያንዳንዱ ውጤት በግሬድ ከአራቱ ደረጃዎች በአንዱ ይመደባል።

8. ምዝገባና ማሻሻያ

ፕሮቶኮሉ የተዘጋጀው በፕሪዝማ-ፒ 2015 መሠረት ሲሆን፣ ማጣራት ከመጀመሩ በፊት በፕሮስፔሮ ይመዘገባል። ክለሳው ቀድሞ የተካሄዱ ጥናቶችን መረጃ ብቻ ስለሚጠቀም ከታካሚዎች አዲስ መረጃ አይሰበሰብም። ከምዝገባ በኋላ የሚደረግ ማናቸውም ለውጥ ከነቀኑና ከነምክንያቱ በመዝገቡ ላይ ይሰፍራል፤ ለውጡ የተደረገው ውጤቶቹ ከታዩ በኋላ ከሆነም ይህ በመጨረሻው ጽሑፍ የአሠራር ክፍል ውስጥ በግልጽ ይነገራል።