ለኦፒዮይድ ሱስ የሚሰጥ የማቆያ መድኃኒት፦ ለክሊኒካችን ባለሙያዎች የአሠራር መመሪያ

ጅማ፣ ለተመላላሽ ሕክምና ክፍል

ወደ እኛ የሚመጣው ሰው ብዙውን ጊዜ በትራማዶል ነው የሚመጣው። አንዳንዱ ለወገብ ሕመም ታዞለት ጀምሮ መተው አቅቶት ነው። ሌላው ከጫት በኋላ እንቅልፍ እንዲወስደው ብሎ የጀመረው ነው። በፔቲዲን መርፌ የሚመጣም አለ፤ ከነዚህ ውስጥ የራሳችን የሙያ ባልደረባ ሊኖርበት ይችላልና ምስጢሩን አጥብቃችሁ ጠብቁ።

አንድ ነገር ከልባችሁ እንዲገባ እፈልጋለሁ። ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን "አንዱን ሱስ በሌላ መተካት" አይደሉም። ሕክምናው ራሱ እነሱ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. ሁለቱንም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። አንድን ሰው በሳምንት ውስጥ አጽድተን ብንሸኘው ሰውነቱ የለመደውን መቋቋም ያጣል። ተመልሶ የድሮ መጠኑን ሲወስድ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ምን፣ ስንት፣ በምን መንገድ፣ መጨረሻ መቼ እንደወሰደ ጠይቁ። "መቼ" ስትሉ ሰዓቱን ለይታችሁ ጻፉ፤ "ትናንት ማታ" አይበቃም። ትራማዶል የሚወስድ ሰው የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ደርሶበት እንደሆነ ሳትጠይቁ አትለፉ። ስለ አልኮልና ዲያዜፓም ጠይቁ። በተለይ ስለ ጨብሲ ጠይቁ። ምርቃናውን ለማብረድ የሚጠጣው መጠጥ ከሜታዶን ጋር ሲገናኝ ገዳይ ነው። የእርግዝና፣ የኤችአይቪ እና የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ አቅርቡ።

ቡፕረኖርፊን ማስጀመር

እዚህ ላይ ትዕግሥት ነው ሥራው። ቡፕረኖርፊን የኦፒዮይዱን ቦታ ቀምቶ ይይዛል፣ የሚሰጠው ኃይል ግን ከፊል ብቻ ነው። ቀድሞ የተወሰደው ሳይወጣ ከሰጣችሁት በሽተኛውን በአንድ ሰዓት ውስጥ በላብ፣ በትውከትና በቁርጠት ትጥሉታላችሁ። ያ ሰው ዳግም አያምናችሁም።

ስለዚህ አጭር ጊዜ ከሚሠራ ኦፒዮይድ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ቀስ ብሎ ከሚለቀቅ የትራማዶል ዓይነት 24 ሰዓት ይቆይ። ከምሽቱ 3 ሰዓት የመጨረሻውን የወሰደ በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 12 ሞላው ማለት ነው። ሰዓቱ ብቻውን አይበቃም፤ ምልክቱን በዓይናችሁ እዩ። ማዛጋት፣ የንፍጥ መውረድ፣ የዓይን ብሌን መስፋት፣ የቆዳ ፀጉር መቆም። የመቋረጥ ምልክትን በሚመዝነው የኮውስ መለኪያ ነጥቡ 12 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ጀምሩ።

መጀመሪያ 4 ሚሊግራም ከምላስ ሥር፣ ከተጠራጠራችሁ 2። እስኪሟሟ ድረስ አይዋጥ፣ አያውራ። ከ1 እስከ 2 ሰዓት ጠብቃችሁ ምልክቱ ካለ ተጨማሪ 2 ወይም 4 ስጡ። የመጀመሪያው ቀን ጠቅላላ 8 ይሁን። በሁለተኛው ቀን እስከ 16 መድረስ ይቻላል። ብዙ ሰው ከ8 እስከ 24 ባለው ይረጋጋል።

ሜታዶን ማስጀመር

ሜታዶን መቋረጥን መጠበቅ አይፈልግም፣ ግን ይጠራቀማል። የሰኞው ዶዝ ሐሙስም ደም ውስጥ አለ። አደጋው የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ነው። 20 ሚሊግራም ጀምሩ፣ ከ30 አትለፉ። ትራማዶል ብቻ ለሚወስድ ወይም ለሚጠጣ 10 ይበቃል። ከ3 ሰዓት በኋላ መልሳችሁ እዩት፤ ካንቀላፋ በማግስቱ አትጨምሩ። ጭማሪው 5 ወይም 10 ሚሊግራም ነው፣ ያውም በመሀል ከ3 እስከ 5 ቀን ጠብቃችሁ። የተለመደው ማቆያ ከ60 እስከ 120 ነው።

3 ቀን ከቀረ ዶዙን በግማሽ ቀንሱ። 5 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደ አዲስ ጀምሩ። የልብ ችግር ያለበት ኢሲጂ ይነሣ። ሪፋምፒሲን ለጀመረ የቲቢ ታካሚ ሜታዶኑ በሳምንት ውስጥ ሊከዳው ይችላል። "አልበቃኝም" ሲላችሁ እመኑት። ሪፋምፒሲን ሲጨርስ ደግሞ ዶዙ እንዲወርድ ከወዲሁ መዝግቡ።

ነፍሰ ጡር እናት ኦፒዮይዱን በድንገት አታቁም። ከሁለቱ መድኃኒቶች አንዱ ይሰጣታል፤ ጡትም ታጥባ።

የምክር አገልግሎት

የመጀመሪያው ቀን 20 ደቂቃ ይበቃል። እንዲህ ብላችሁ ጀምሩ፦ "ወንድሜ፣ እዚህ የመጣኸው ለመታከም ነው፣ ማንም አይፈርድብህም። መድኃኒቱ ሕመሙንና አምሮቱን ይይዝልሃል። ብትወድቅም ተመለስ፣ በሩ አይዘጋብህም።" አማርኛ የማይቀናው ሰው በኦሮምኛ ይነገረው። ቤተሰቡን አስተርጓሚ አታድርጉ።

በሚቀጥሉት ሳምንታት አምሮቱ መቼ እንደሚመጣ አብራችሁ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ከበርጫው በኋላ ነው። የእንቅልፍ መታወክ፣ የሥራ ማጣት፣ የቤት ጭቅጭቅ ይነሣል። ለጾምም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በረመዳን ዶዙን ወደ ማፍጠሪያ ሰዓት ማዛወር ይቻላል፣ ግን የጠዋቱና የማታው በአንድ ቀን እንዳይደራረብ። ሕመምተኛ እንዳይጾም የሚፈቀድለት እንደሆነ ኢማሙን ወይም የንስሐ አባቱን እንዲጠይቅ አበረታቱት።

ምክር አልፈልግም ያለ ሰው መድኃኒቱ አይከልከል። ሽንቱ ውስጥ ትራማዶል ተገኘ ብላችሁም አታባርሩ፤ ዶዙ አንሶት ሊሆን ይችላል፣ ጠይቁት።

ለቤተሰብ የሚነገረው

ለታካሚው የሚቀርበውን ሰው አስቀምጣችሁ አሳዩ። ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ቢቀሰቅሱት ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ናሎክሶን 0.4 ሚሊግራም ጡንቻ ላይ ይሰጥ፤ ካልነቃ በ2 ወይም 3 ደቂቃ ይደገም፣ በመሀል ትንፋሽ ይሰጠው። ናሎክሶን ከሜታዶን ቀድሞ ስለሚያልቅ "ነቅቷል" ብለው እቤት እንዳያስቀሩት፤ በባጃጅም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይምጣ። ሜታዶን ቤት ከተሰጠ ሕፃን የማይደርስበት የተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።