የመጠጥ ውሃ ፕሮጀክታችን ከሚያዝያ ወደ ህዳር ተላልፏል

የካቲት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ገንዘብ ላዋጣችሁ በሙሉ፣ ለቀበሌው ነዋሪዎች፣ ለትምህርት ቤቱ እና ለወረዳው ውሃ ጽህፈት ቤት

ውድ ወገኖቻችን፣

ዋናውን ነገር አስቀድመን እንንገራችሁ። መቂ አካባቢ የምናሠራው የመጠጥ ውሃ ባልነው ጊዜ አይደርስም። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ከቦኖ ውሃ ይቀዳል ብለን ነበር። አሁን የምናስበው የህዳር 2019ን መጨረሻ ነው። ውጭ አገር ላላችሁ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2026 መጀመሪያ ማለት ነው። ሰባት ወር ይዘገያል። ሥራው አልተቋረጠም፤ ያልተሠራበት ገንዘብም ባንክ ውስጥ አለ። የቆፈርነው ጉድጓድ ግን ለመጠጥ አይሆንም።

ምን ተገኘ?

ጉድጓዱ 142 ሜትር ወርዷል። ውሃውም ሞልቶታል፤ በፓምፕ ሙከራው በሰከንድ ከ5 ሊትር በላይ ሰጥቷል። በብዛት በኩል ምንም ችግር የለበትም። ጥር 14 የተወሰደው ናሙና ሲመረመር ግን ፍሎራይዱ በሊትር 3.4 ሚሊ ግራም ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ 1.5 ነው። በአንድ ላብራቶሪ ውጤት ብቻ መወሰን ስላልፈለግን ናሙና ለሌላ ላክን። ሁለተኛው 3.6 አለ። ይህ ውጤት የካቲት 10 ደረሰን።

ውሃው ኩልል ያለ ነው። ጣዕሙም ጥሩ ነው። «እንዲህ ያለ ውሃ አግኝታችሁ እንዴት ታሽጋላችሁ?» ያሉን አባቶች አሉ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ፍሎራይድ በዓይን አይታይም፣ በምላስም አይታወቅም። በማፍላትም አይወጣም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ በቀረው ውስጥ ይበዛል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያደገ ሰው ግን ምልክቱን ያውቀዋል፦ የበለዘ ጥርስ። ጥርሳቸው ገና በመሠራት ላይ ያለ ሕፃናት ይህን ውሃ ለዓመታት ሲጠጡ የሚመጣ ነው። መጠኑ ሲበዛና ዘመኑ ሲረዝም ደግሞ አጥንትና መገጣጠሚያ ይጎዳል። አንዴ ከመጣ በኋላ ወደ ኋላ አይመለስም። ስለዚህ «ለጊዜው እንክፈተው፣ ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን» የሚለውን ሐሳብ አልተቀበልነውም።

ለነዋሪዎች አንድ ነገር እናክል። በፓምፕ ሙከራው ቀን ጄሪካን ሞልታችሁ የወሰዳችሁ አላችሁ። በዚያ አትስጉ። ጉዳቱ የሚመጣው ለረጅም ዓመታት ከተጠጣ እንጂ ከጥቂት ጄሪካን አይደለም። የተረፈ ካለም ለልብስ አጠባ ተጠቀሙበት። ከዚያ ወዲህ ጉድጓዱ በብረት ክዳን ተበይዷል። ከእሱ የሚቀዳ ሰው የለም።

ከመቆፈሩ በፊት ለምን አልታወቀም?

ይህን እንደምትጠይቁ እናውቃለን። እኛም ባለሙያዎቹን መጀመሪያ የጠየቅናቸው ይህንኑ ነው። ከቁፋሮ በፊት የሚደረገው ጥናት ውሃ የት እንደሚገኝና ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለ ይጠቁማል። በውሃው ውስጥ ምን እንደሟሟ ግን አይነግርም። እሱ የሚታወቀው ውሃው ወጥቶ ሲመረመር ነው። በቅርብ ባለ ሌላ ጉድጓድ ላይ የተደረገ ምርመራ 1.2 ያሳይ ስለነበር ቦታው የተመረጠው እሱን መነሻ አድርጎ ነው። ችግሩ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሐል የሚያልፍ ውሃ፣ በአጭር ርቀት ውስጥ በጣም ይለያያል። አንዱ ጉድጓድ ደህና ሆኖ ጎረቤቱ ላይሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ውጤት የደረሰን ጥር 25 ነው። ኮንትራክተሩ ሥራ እንዲያቆም ያኔውኑ ነገርነው። ለእናንተ ሳንጽፍ የቆየነው ሁለተኛውን ውጤት ስንጠብቅና ከዚያም መፍትሔ ይኑር አይኑር ለማወቅ ስንሯሯጥ ነው። ጉድጓዱ ታሽጎ ስለታየ በቀበሌው ብዙ ወሬ ተነስቷል። «ገንዘቡ አልቆ ነው» የሚልም ሰምተናል። ከዚህ በኋላ ከወሬ በፊት ደብዳቤያችን ይድረስ ብለን ተስማምተናል። የሚጻፍ አዲስ ነገር ባይኖርም በየወሩ መጨረሻ አጭር መልእክት እንልካለን።

አሁን ምን እየተሠራ ነው?

ሦስት መንገዶች አየን። አንደኛው ፍሎራይዱን የሚያወጣ ማጣሪያ መትከል ነው። በአልሙና በኖራ የሚሠራ አለ፣ በተቃጠለ የእንስሳት አጥንት የሚሠራም አለ። ሁለቱም አገራችን ውስጥ ተሞክረዋል። ነገር ግን በየጊዜው ኬሚካል ወይም አጥንት መግዛት፣ ዝቃጩን ማስወገድ፣ ሰልጥኖ የሚከታተል ሰው መቅጠር ይጠይቃሉ። የአጥንቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የምን እንስሳ አጥንት ነው? በጾም እንዴት ነው? ብሎ ሰው ይጠይቃል፣ ቢጠይቅም አይፈረድበትም። ሁለተኛው አዲስ ጉድጓድ መቆፈር ነው። እሱ ውድ ነው፤ ውጤቱም እንደገና ዕጣ ነው።

ሦስተኛውን መርጠናል። ከቀበሌው 6 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ ከፍታው በኩል፣ ከዓመታት በፊት ተቆፍሮ ፓምፕ ሳይገጠምለት የተዘጋ ጉድጓድ አለ። የወረዳው ውሃ ጽህፈት ቤት መዝገብ ላይ ፍሎራይዱ 0.8 ይላል። ከፍታ ላይ ያለው ውሃ ብዙውን ጊዜ ከሸለቆው ወለል የተሻለ ስለሆነ ቁጥሩ አያስገርምም። ጽህፈት ቤቱ ጉድጓዱን እንድንጠቀምበት በቃል ተስማምቷል፤ የጽሑፍ ስምምነቱ እየተዘጋጀ ነው። ከዚያ እስከ ማጠራቀሚያው ቧንቧ እንዘረጋለን። ማጠራቀሚያውና ስድስቱ ቦኖዎች በፊት በተባሉበት ቦታ ይሠራሉ። ፓምፑንና ሶላሩን ገና አልገዛንም ነበር፤ ስለዚህ ለአዲሱ ጉድጓድ በሚስማማው መጠን እናዛለን።

በድሮ መዝገብ ብቻ ግን አንሄድም። የካቲት 26 አዲስ ናሙና ይወሰዳል፣ ለሁለት ላብራቶሪዎች ይላካል። ውጤቱን መጋቢት 8 እንጠብቃለን። መጋቢት 12 ቁጥሩን እንዳለ እንጽፍላችኋለን፣ ጥሩም ሆነ መጥፎ።

ለምን እስከ ህዳር?

የላብራቶሪው፣ የስምምነቱና የዲዛይን ማስተካከያው ሥራ መጋቢትንና ሚያዝያን ይወስዳል። ግንቦት ላይ ቧንቧ ይገዛል፣ የማጠራቀሚያው መሠረትም ይወጣል። የቧንቧውን ቦይ የሚቆፍሩት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ይህ ከመጀመሪያውም የእነሱ መዋጮ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን እርሻና ዝናብ ነው። በዚያ ወቅት ገበሬን ከማሳው ጠርቶ ቦይ ቆፍር ማለት አይቻልም፣ የተቆፈረውንም ጎርፍ ይደፍነዋል። ስለዚህ ቁፋሮው ጥቅምት ላይ ነው። ህዳር ውስጥ ቧንቧው ተገጥሞ፣ ተፈትሾ፣ ውሃው ይለቀቃል።

ይህ ቀን ሁለት ቦታ ላይ ሊሰናከል ይችላል። አዲሱ ናሙና ከ1.5 በላይ ከሆነ ወደ ማጣሪያው እንመለሳለን፤ ያኔ ህዳር የሚለው ቀን ይቀራል፣ አዲስ ቀን የምንናገረውም ባለሙያዎች ካጠኑት በኋላ ነው። ሌላው የቦዩ ቁፋሮ ነው። ጥቅምት ላይ ካላለቀ አጨዳ ይገባል፤ ሥራው ወደ ጥር ይገፋል። ሁለተኛው እንዳይሆን ከቀበሌው ሽማግሌዎች ጋር የጎጥ ድልድሉን ከአሁኑ ጀምረናል። የመጀመሪያው በእጃችን አይደለም።

ስለ ገንዘቡ

ጠቅላላ በጀታችን 9.2 ሚሊዮን ብር ነው። ለጥናት፣ ለቁፋሮና ኬዚንግ፣ ለፓምፕ ሙከራና ለምርመራ 3.7 ሚሊዮን ወጥቷል። ይህ ገንዘብ ለመጠጥ ውሃ አልሆነም፤ ይህን ለስለስ አድርገን የምንናገርበት መንገድ የለም። ጉድጓዱ ለግንባታ ሥራ ወይም ለሌላ ነገር ይውል እንደሆነ የሚወስነው ወረዳው ነው። 5.5 ሚሊዮን ብር በሦስት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ውስጥ አለ። የቀረው ሥራ በዋናው ዕቅድ 5.1 ሚሊዮን ይፈጃል፣ 400 ሺው መጠባበቂያ ነበር። ተጨማሪው ቧንቧ እስከ መገጣጠሚያዎቹ 1.9 ሚሊዮን ይጠይቃል። መጠባበቂያው ሲቀነስ የሚጎድለን 1.5 ሚሊዮን ነው። የቧንቧው ዋጋ ከሁለት ፕሮፎርማ የተወሰደ ነው፤ ግንቦት ላይ ሊለወጥ ይችላል።

አሁን ገንዘብ እንድትልኩ አንጠይቅም። የመጋቢቱ ውጤት ሳይታወቅ መዋጮ መጥራት ትክክል አይመስለንም። የባንክ ሒሳቡ መግለጫና የሁለቱም ላብራቶሪዎች ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል።

መወሰን ያለብን አንድ ነገር

መዘግየቱ የሚከብደው ደብዳቤ የምንጽፈው እኛ ላይ አይደለም። ሌላ ክረምት ሙሉ በጋሪ ውሃ እየገዙ፣ ካልሆነም ከኩሬ እየቀዱ የሚያልፉት ሰዎች ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ጭራሽ ውሃ የለውም። ስለዚህ በትምህርት ቤቱ ግቢ 10,000 ሊትር ሮቶ ተክለን፣ ትምህርት እስኪዘጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ከተመረመረ ምንጭ በቦቴ ብናስሞላ ብለን አስበናል። ወጪው ወደ 160 ሺህ ብር ነው። ከፈቀዳችሁ ካለው ገንዘብ ይወጣል፣ የሚጎድለውም ያኔ 1.66 ሚሊዮን ይሆናል። ያዋጣችሁት ለጉድጓድ ስለሆነ ሳንጠይቃችሁ ለሌላ ነገር አናወጣም።

በዚህ ላይ እሑድ የካቲት 29 በዙም እንነጋገራለን። በኢትዮጵያ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ በዋሽንግተን ከጠዋቱ 11፡00 ነው። አሜሪካ ያላችሁ ልብ በሉ፣ ሰዓት የሚቀየረው ከስብሰባው በፊት፣ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊት ነው። መግባት የማትችሉ በዚህ ኢሜይል ላይ «ይሁን» ወይም «አይሁን» ብላችሁ ብትመልሱ ይቆጠራል። ሌላ ጥያቄም ካለ፣ ቢቆረቁርም፣ አስቀድማችሁ ላኩት፤ ኢንጂነሩም ስብሰባው ላይ ስለሚገኝ እሱ ራሱ ይመልስላችኋል። ቀበሌው ውስጥ ይኸው ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ ተዘጋጅቶ ቅዳሜ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ግቢ ይነበባል።

ከአክብሮት ጋር፣
የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ኮሚቴ