ያሠሩትና የሠራው

አዛውንቱ ደሴ ወዳለው የሙዚየማችን ግቢ የገቡት በኅዳር ወር አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ገና ከቆርቆሮው ጣሪያ ሳይነሣ ነበር። ነጭ ኮፍያ አድርገው በሽርጣቸው ላይ ወፍራም ካፖርት ደርበዋል። ከኮምቦልቻ በሚኒባስ መምጣታቸውን፣ ሐረጎን ሲወጡም ጉሙ መንገዱን ስለ ሸፈነው ሾፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ መንዳቱን ለትኬት ቆራጯ ሲነግሯት ሰማሁ። ዋጋውን ጠይቀው፣ በመሐረብ የተጠቀለለ ብር ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ከፈሉና የጫማቸውን ጭቃ ጠርገው ገቡ።

ሌላ ጎብኚ ስላልነበረ፣ በዚህ ቤት አስጎብኚ ሆኜ በሠራሁባቸው 9 ዓመታት ስናገረው የኖርሁትን ገለጻ ለእርሳቸው ብቻ ጀመርሁ። ይህ ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ቤት፣ ንጉሥ ሚካኤል የአይጠየፍን አዳራሽ ባሠሩበት ዘመን ከሹማምንቶቻቸው አንዱ የሠሩት መኖሪያ መሆኑን፣ ሹሙም ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ንጉሡ ድል ሆነው በተማረኩበት በሰገሌ ጦርነት ወድቀው መቅረታቸውን ተናገርሁ። አዛውንቱ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ አውፍ በይኝ፤ አንድ ቃል ላቃና» አሉ። «ሹሙ ቤቱን አሠሩት እንጂ አልሠሩትም።»

እንዲህ ያለው እርማት ከጡረታ ከወጡ መምህራን አልፎ አልፎ ስለሚደርሰኝ ነገሩ የሰዋስው መሰለኝ። «ልክ ነዎት አባባ፣ ያሠሩት» ብዬ ወደ ውስጥ መራኋቸው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴ በተያዘችበት ጊዜ መስታወቶቻችን ተሰብረው ብዙ ዕቃ ስለ ተወሰደ፣ እስከ ዛሬ ባዷቸውን የቆሙ መደርደሪያዎች አሉን፤ ጎብኚ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝም ስለ እነርሱ ነው። አዛውንቱ ግን ባዶውንም አላዩ፣ የተረፈውን ጋሻና ሙዳይም አላዩ። ግድግዳ ግድግዳውን ተከትለው ሄዱ። በየመስኮቱ እየቆሙ የድንጋዩን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳበሱ፤ ከደረጃው ሥር ጎንበስ ብለው በጣታቸው አንጓ አንኳኩና ጆሯቸውን አስጠጉ። ዕቃ የሚነካ ጎብኚ እንድከለክል ታዝዣለሁ፤ እርሳቸውን ግን ለመከልከል አፌ አልታዘዘልኝም፤ አነካካቸው ሐኪም በሽተኛን እንደሚነካው ነበርና።

በሰሜን በኩል ወዳለው ማዕዘን ስንደርስ ገለጻዬን ቀጠልሁ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ በደበደቡ ጊዜ ይህ ማዕዘን ፈርሶ እንደ ነበርና በኋላ ጣሊያኖቹ ራሳቸው እንደ ጠገኑት አስረዳሁ።

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«ከእኔ በፊት የነበሩት አስጎብኚዎች እንዲህ ይሉ ነበር።»

አልተቆጡም። «ስልክሽ መብራት አለው? አብሪው። ፊት ለፊት አይደለም፤ ከጎን፣ ብርሃኑን ግድግዳው ላይ አስተኚው» አሉኝ።

ስልኬን ከግድግዳው ጋር አስጠግቼ አበራሁ። ለስላሳ ይመስለኝ የነበረው ድንጋይ በአንድ ጊዜ በጥቃቅን ጥላዎች ተሞላ፤ የታረሰ ማሳ ከተራራ ላይ ሲታይ እንደሚመስለው፣ ጎን ለጎን የተሰመሩ የመሮ ጭረቶች ነበሩ። ለ9 ዓመት አቧራቸውን የጠረግሁላቸው ድንጋዮች ናቸው፤ አንድም ቀን አላየኋቸውም።

«ድንጋይ ጠራቢ መሮውን በግራ፣ መዶሻውን በቀኝ ይይዛል፤ ስለዚህ ጭረቱ ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራ ይወርዳል» አሉና በመስኮቱ ሥር ያለውን ድንጋይ አሳዩኝ፤ እንዳሉትም ነበር። «አሁን ይህን ማዕዘን ተመልከች።»

የማዕዘኑ ጭረቶች ወደ ሌላ ወገን ያዘነብሉ ነበር፤ ከግራ ወደ ቀኝ።

«አያቴ ይማም ግራኝ ነበር» አሉ። «የዚህ ቤት ግንበኛ እርሱ ነው። በቀኛቸው የሚሠሩት ረዳቶቹ ናቸው። ማዕዘን ግን ለረዳት አይሰጥም፤ አራቱንም ማዕዘን ራሱ ነው የጠረበው። ዙሪና እይ።»

ዞርሁ። በምሥራቁም፣ በደቡቡም፣ በምዕራቡም ማዕዘን ብርሃኑን አስተኛሁ። አራቱም ከግራ ወደ ቀኝ ነበሩ፤ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ደግሞ ከጥቂት ድንጋዮች በቀር በሙሉ ከቀኝ ወደ ግራ። ስመለስ አዛውንቱ የሰሜኑ ማዕዘን አጠገብ ቆመው፣ ግራ እጃቸውን በሁለት ድንጋዮች መካከል አሳርፈው አገኘኋቸው።

«ይህ የተጠገነው ነው» አሉ። «ጭረቱ ቀለል ያለ፣ አንዳንዱም የተቋረጠ መሆኑን አየሽ? ከቦምቡ በኋላ፣ የእግዜር ዝናብ ቤቱን ሳይገባበት ብሎ፣ ማንም ሳይጠራውና ማንም ሳይከፍለው መጥቶ የገጠመው እርሱ ነው። ያኔ አርጅቶ ነበር፤ ክንዱ አይጸናም። አባቴ ድንጋይ አቀባዩ ስለ ነበረ ይህን ነግሮኛል።»

ደሴ ላይ ደህና የተጠረበ ድንጋይ ያየ ሰው ሁሉ የጣሊያን ሥራ ነው ይላል። እኔም ብዬ ኖሬአለሁ፤ ለተማሪዎች፣ ለእንግዶች፣ ልጆቼን ይዤ በመጣሁበት ቀን ለልጆቼም ብያለሁ። ፊቴ እንደ ጋለ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ እኔ ጠያቂ፣ እርሳቸው አስጎብኚ ሆኑ። በየሁለት ክንድ ከፍታ በግንቡ መካከል የሚያልፈው የጥድ አግዳሚ ለጌጥ የተደረገ ይመስለኝ ነበር፤ ለእርሳቸው ግን የቤቱ ጅማት ነው። ድንጋይ ብቻውን ሲናወጥ ይለያያል፤ ጥዱ ግን ግድግዳውን ዙሪያውን ታጥቆ ስለ ያዘው አብሮ ይወዛወዝና አብሮ ይመለሳል። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴንና ካራ ቆሬን ያፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ አባታቸው ከኮምቦልቻ በእግሩ ተነሥቶ መጥቶ ይህን ቤት ማየቱን ነገሩኝ። ከደረጃው በላይ አንድ ስንጥቅ ብቻ አገኘ፤ ስንጥቁም አሁን አለ፤ አሳዩኝ። ጭቃውም ከጤፍ ጭድ ጋር ተለውሶ፣ በእግር እየተረገጠና ውሃ እየጠጣ ብዙ ቀን ከሰነበተ በኋላ ነበር ለግንብ የሚወጣው። «ያልቦካ ጭቃ እንዳልቦካ ሊጥ ነው፤ ይሰነጠቃል» ይሉ ነበር አያታቸው።

«ታዲያ ስማቸው እንዴት ሳይነገር ቀረ?» ስል ጠየቅሁ።

ወዲያው አልመለሱልኝም። በረንዳው ላይ ወጥተን ከተቀመጥን በኋላ ነው የተናገሩት። ባለሙያን በሙያው መስደብን አፄ ምኒልክ በአዋጅ ቢከለክሉም አዋጅ የሰፈር አፍ አይዘጋም፤ አባታቸው በልጅነቱ «የቀጥቃጭ ልጅ» እየተባለ አድጓል። ቤተሰቡ ስለ ቤቱ በምድጃ ዳር ያወራ ነበር እንጂ በአደባባይ አላነሣውም። የሹሙ ዘሮች ሠርግ ሲደግሱ የእርሳቸው አባት የሚታየው ምድጃ ሲሠራ፣ ድንኳን ሲተክል ነው። «እኛም ዝም በማለታችን አጥፍተናል» አሉ። «እኔ እንኳ በዚህ በር ፊት ስንት ጊዜ አልፌ ዛሬ ገና ገባሁ።»

የከፈሉትን ገንዘብ ልመልስላቸው ፈለግሁ። ለአያትዎ ቤት እንዴት ይከፍላሉ ብል፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቤቱ የአያቴ አይደለም፤ ሥራው ነው የአያቴ። ቤቱ አሁን የሁላችሁም ስለ ሆነ እንደ ሰው እከፍላለሁ።»

የአያታቸው መሮ አሁንም መኖሩን ሲነግሩኝ ልቤ ዘለለ። ከ2014 ወዲህ ባዶ የሆነው የመካከለኛው መስታወት ታየኝ፤ መሮው በቀይ ጨርቅ ላይ አርፎ፣ ከሥሩ «የግንበኛው ይማም መሮ» የሚል ጽሑፍ ሲኖረው። ለሙዚየሙ እንዲሰጡን፣ ካልሆነም እንዲያውሱን ለመንኋቸው።

«አይሆንም ልጄ» አሉ፤ ሲሉም አዘኑልኝ። «የልጅ ልጄ ኮምቦልቻ ላይ ይሠራበታል። ቦርከና ዳር አንድ አጥር ይዟል። እርሱም ግራኝ ነው፤ ሌላ መሮ አይመቸውም።»

ስልክ ቁጥራቸውን ጻፍሁ። ወደ መናኸሪያ እስከምሸኛቸው ድረስ ስለ ዝናቡና ስለ ልጆቼ ብቻ ጠየቁኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው፣ «ሹሙንም አትተዪ፤ እርሳቸው ባያሠሩ አያቴም አይሠራም ነበር» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት ያየሁትን ሁሉ ጽፌ፣ የአራቱን ማዕዘን ፎቶግራፍ አያይዤ፣ በበሩ ላይ ያለው ጽሑፍ እንዲታረም ለበላይ አካል አቀረብሁ። የጽሑፍ ማስረጃ ከሌለ ማረም እንደማይቻል መልስ መጣልኝ። ድንጋዩ ራሱ ጽሑፍ ነው ብዬ ሁለተኛ ደብዳቤ ልኬአለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው። አፌን ግን ማንም አላገደውም።

ዓርብ ዕለት 40 የሚሆኑ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች መጡ። «ይህን ቤት ከንጉሥ ሚካኤል ሹማምንት አንዱ አሠሩት፤ ግንበኛው ይማም ሠራው» ብዬ ጀመርሁ። በሰሜኑ ማዕዘን ላይ ብርሃኑን ሳስተኛው ልጆቹ ተገፋፍተው ቀረቡ፤ ማንም ጭረቶቹን ፈልጉ ሳይላቸው ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተሯሯጡ «ይህ የይማም! ይህ የይማም አይደለም!» እያሉ ይጮኹ ጀመር። አንዲት ቀጭን ልጅ ግን ከመስኮቱ ሥር አልተነሣችም። ጣቷን ከቀኝ ወደ ግራ በሚወርደው ጭረት ላይ አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይህን የሠራው ረዳቱ ማን ይባላል?»

መልስ አልነበረኝም። መብራቱን አጥፍቼ፣ ልጆቹ እንደ ከበቡኝ፣ ወደ ኮምቦልቻ ደወልሁ።